አርዕስት የሌለው ዘጠነኛ ገጽ

መሳፍንት ዲግሪ አለው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ አንዴም አይደለም። ቤቴ በመጣ ቁጥር ዲግሪው ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ከኋላ ይከተላል። እኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱን አሰናብቼ፣ ቆሰበር መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ስካነርና አንድ ኮምፒዩተር ይዤ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ አባዛለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ ወሬ አመርታለሁ። ዘንገና ሐይቅ የገባው ሚኒባስ በሦስተኛው ቀን ዳንግላ ምንጭ ላይ ወጣ፣ ረዳቱም «ወራጅ አለ?» ይል ነበር ብዬ ያወራሁት እኔ አበረ ነኝ። ግማሹ ከተማ አምኗል። ሌላው ግማሽ ከዚያ ወዲህ ሰዓት እንኳ አይጠይቀኝም።

መሳፍንት የሚሠራበትን የመሬት ጽሕፈት ቤት ስም አልጠራም፤ ደንበኛዬ ነው። ስካነራቸው ከተበላሸ ሁለት ክረምት ስላለፈው፣ አንድ ቀን የአንዲት ገጠር ቀበሌን የመሬት መዝገብ ታቅፎ መጣ። ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ፣ ስም ዝርዝሩ ታትሞ፣ ገበሬው ስሙንና ድንበሩን እንዲያይ በቀበሌው አጥር ላይ ይለጠፋል። ቅሬታ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያቀርባል። ባለቤት ሳይገኝለት ቀኑ ያለፈ መሬት «የወል» ተብሎ ይያዛል።

መዝገቡ አሥራ ሦስት ገጽ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰንጠረዥ ነው፤ ወረቀት ስለማይበቃው ብቻ ከገጽ ገጽ ይሻገራል። በየገጹ አናት ላይ ያው አርዕስት ታትሟል፦ ተራ ቁጥር፣ የባለይዞታ ስም፣ ስፋት፣ ከዚያ አዋሳኝ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ። ከአርዕስቱ ሥር ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሰው ተጽፏል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ አሥራ ስምንት ሰው አለ፤ ቁጥሩ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ላይ ይቆማል።

አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ እያስተኛሁ ሳነሣ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። የታተመ ቅጽ አይደለም። የድሮው የቀበሌ ጸሐፊ ገበየሁ ቅጽ አልቆበት፣ ባዶ ወረቀት በማስመሪያ አስምሮ፣ መዝገቡ ውስጥ በሙጫ ለጥፎታል። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰዎቹም ሃያ አምስት ናቸው። አርዕስት ግን አልጻፈም። ስምንት ገጽ ሙሉ አንድ ዓይነት አርዕስት ሲያነብ የመጣ ሰው ዘጠነኛው ላይ ይጠፋዋል ብሎ አላሰበም። ገበየሁ የማያውቀው፣ ከሱ በኋላ ዲግሪ ያለው ሰው እንደሚመጣ ነው።

«መሳፍንት፣ ይችን ገጽ እያት» አልኩት፤ «አርዕስት የላትም። የገበየሁን ቅጽ ፍየል በልታበት ነው። ፍየሏም ከዚያ ወዲህ ስታረድ መስክሩልኝ እያለች…»

«አበረ፣ አንተ ቁልፉን ተጫን። ማሰቡን ለኔ ተወው።»

ፍየሏን ባልጨምር ኖሮ ይሰማኝ ነበር ይሆናል። ነገር ግን እውነትን ባዶዋን አውጥቼ አላውቅም፤ ታፍራለች።

ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ሄደ። ቢሮው ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ፕሮግራም አለው፤ የተለቀመውን ኤክሴል ላይ ያሰልፈዋል። ፕሮግራሙ አይፈረድበትም፤ አሥራ ሦስት ገጽ ሲያይ አሥራ ሦስት ሰንጠረዥ ነው የሚመስለው፣ በየአናቱ ያገኘውንም እንዳለ ያመጣል። አንድ ሰንጠረዥ መሆኑን ማወቅ የሰው ሥራ ነበር። መሳፍንት አንዱን ከአንዱ ሥር እየቀጠለ ለጠፈ። ፕሮግራሙ ተራ ቁጥሩን እያበላሸ ሲያነብበት ጊዜ የመዝገቡን ቁጥር ጣለና ኤክሴል ራሱ ከአንድ ጀምሮ እንዲቆጥር አደረገ። አተመ። ለጠፈ።

ሰኞ ባጃጅ ይዤ ወደ ቀበሌው ስደርስ አጥሩ ሥር ሕዝብ ቆሟል። እኔ ማንበብ ለማይችለው እያነበብሁ ሳለ ሃያ ስድስተኛው ላይ አንድ ሰውዬ አገኘሁ። ስሙ «የባለይዞታ ስም» ነው። የመሬቱ ስፋት «ስፋት»። በምሥራቅ የሚያዋስነው ምሥራቅ፣ በደቡብ የሚያዋስነው ደቡብ። ወረድ ስል ደግሞ አለ። ደግሞ አለ።

እንዲህ ያለ ሲሳይ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

«ሰዎች፣ ይህን ጌታ ታውቁታላችሁ?» አልኩ። «ዳንግላ ነው የሚኖረው። ቁመቱ ከባሕር ዛፍ ይበልጣል። በዚች ቀበሌ ብቻ አሥራ አንድ ርስት አለው፤ አንድ ቀን ግን ሲያርስ ያየው የለም። ጎረቤቱ የምሥራቅ ነፋስና የደቡብ ነፋስ ነው።»

«አሥራ አንድ አይሆንም» አለ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ውብአየሁ። ማስታወቂያውን ሊጠብቅ ነበር የተላከው። በጣቱ እየነካ ከላይ እስከ ታች ወረደ። «ኧረ ነው። አሥራ አንድ ነው። ሰውዬው መሬት ይወዳል።»

ማታ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቆሰበር ገብቶ ነበር። መሳፍንትን በየመንገዱ «ጌታው ደህና ናቸው?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር። ሻይ ቤት ሲገባ አንዱ ተነሥቶ «ለአሥራ አንዱ ርስት ወንበር ልቀቁ» አለው። በማግስቱ ማለዳ ዝርዝሩን ገንጥሎ ሌላ ለጠፈ። ጌታው ከአሥራ አንዱም ርስቱ ተነቅሏል። ዝርዝሩ ከአንድ እስከ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ቀጥ ብሎ ተቆጥሯል፤ መሃሉ ላይ ክፍተት የለም። እኔም ቀልዴን የነጠቀኝ መስሎኝ አዘንሁና ነገሩን ተውሁት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን እትዬ ማናለብሽ ቤቴ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ግምጃ ቤት ከተማ የታመመች እህታቸውን ሲያስታምሙ ከርመው ነበርና ዝርዝሩን ያዩት ያን ቀን ነው። መቀመጫ ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ማመልከቻ ጻፍ» አሉኝ። «ስሜ የለም።»

«በደንብ ታይቶ ነው?»

«ሁለት ተማሪ አንብቦልኛል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ጀምሮ። መሃል ላይ ተገናኙ፤ እኔ የለሁም።»

መሬታቸውን አውቀዋለሁ። ግማሽ ሄክታር የምትሞላ የዲከረንስ ዛፍ ናት፤ አራት ዓመት ሙሉ ጠብቀው ያሳደጓት፣ ዘንድሮ ተቆርጣ ከሰል የምትሆን። ከሷ ሌላ የላቸውም። የይዞታ ደብተራቸውን ደግሞ ቤታቸው ባፈሰሰ ክረምት ውሃ ፊደሉን አጥቦታል፤ አሁን አረንጓዴ ልባስ ያለው የገንፎ ቁራጭ ነው።

«መሳፍንትን ጠይቀውታል?»

«ጠየቅሁት። ‹ኮምፒዩተር አያጠፋም፤ መጀመሪያም አልተመዘገቡም ይሆናል› አለኝ። እኔ ስመዘገብ እሱ ንፍጡን አልጠረገም።»

የመዝገቡን ምስል ከኮምፒዩተሬ ከፈትሁ። ከገጽ አንድ ጀምሬ ስወርድ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆምሁ። ገበየሁ በእጁ ባሰመረው ወረቀት፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ አርዕስት ሊቀመጥበት ይገባ በነበረው ቦታ፦ ፪፻፩፣ ማናለብሽ፣ ዜሮ ነጥብ አምስት። ያኔ ገባኝ። መሳፍንት ሳቅ ሲበዛበት አርዕስቶቹን አንድ በአንድ አይቶ አልነቀለም። «የገጹ የመጀመሪያ መስመር ሁሉ አርዕስት ነው» ብሎ ከሁለተኛው እስከ አሥራ ሦስተኛው ገጽ ያለውን የመጀመሪያ መስመር በጅምላ አጠፋ። ዘጠነኛው ላይ አርዕስት ስላልነበረ ሴትዮዋን ነቀላቸው። ኤክሴል ደግሞ ቁጥሩን እንደገና ስለደረደረ ጉድጓዱ ወዲያው ተደፈነ። መሳፍንትን ያጣደፈው ማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ይህን ለእትዬ ማናለብሽ አልነገርኋቸውም።

ገጹን አትሜ ከማመልከቻው ጋር አያያዝሁና በማግስቱ አብረን ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ለቅሬታ የቀረው ያ ቀንና ማግስቱ ነው።

ኃላፊዋ ወይዘሮ እመቤት መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አዩ። መሳፍንት ከጎናቸው ቆሞ ነበር።

«ይህን ማን አተመው?» አሉ።

«እኔ» አልኩ።

መሳፍንት ሳቀ። «እመቤቴ፣ ይህ እኮ ሚኒባስ በምንጭ ያወጣው ሰው ነው። ዛሬ ለእትዬ ማናለብሽ ገጽ አተመ፤ ነገ ለራሱ ቀበሌ ያትማል። ወረቀት ቤቱ ሞልቷል።»

«መዝገቡ ይምጣና ይታይ» አልኩ።

«ዋናው መዝገብ ዞን ተልኳል። ወር ይፈጃል።»

«ምስሉ አንተም ዘንድ አለ፤ በፍላሽ የሰጠሁህ።»

«ያለቀ ሥራ አልከፍትም። ፕሮግራሙ አንብቦታል፤ እኔ አጽድቻለሁ። ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ነው፤ ቁጥሩ አልተዛነፈም።»

«የቆጠረው ኤክሴል ነዋ፣ ምን ብሎ ይዛነፋል? መቶ ሰው ብታጠፋም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው የሚልህ። መዝገቡ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ላይ ነው ያለቀው።»

«ማን አለ? አንተ።»

ወይዘሮ እመቤት ወረቀቴን በሁለት ጣት ይዘው መለሱልኝ፤ የሞተ አይጥ እንደሚያዝ። «አቶ አበረ፣ ካንተ ቤት የወጣን ወረቀት ማስረጃ ብዬ ብይዝ መሥሪያ ቤቱ መሳቂያ ይሆናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ሌላ ማስረጃ ካለዎት እስከ ነገ ያምጡ።»

ዕድሜዬን ሁሉ ውሸቴን ሲያምኑኝ ኖረው፣ አንዴ እውነት ይዤ ብመጣ በሁለት ጣት። ፊቴን ወደ በሩ አዞርሁ። እትዬ ማናለብሽ ግን አልተንቀሳቀሱም። በትራቸውን ተደግፈው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመሳፍንትን ዝርዝር ያያሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀት ግን አይፈሩም።

«ልጄ» አሉት መሳፍንትን፤ «እዚያ ውስጥ ዓባይነህ አለ?»

«የትኛው ዓባይነህ?»

«ከኔ በምሥራቅ ያለው፣ በጉ ሁልጊዜ የሚጠፋበት።»

አገላብጦ አገኘው። «አለ።»

«በምዕራብ ማን ያዋስነዋል ይላል?»

መሳፍንት ጣቱን በመስመሩ ላይ ነዳው። ጣቱ እዚያው ቆመ። ወይዘሮ እመቤት ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ማናለብሽ ይላል» አሉ።

«ውቤስ? እሱ በምዕራቤ ነው። በምሥራቁ ማን አለበት?»

ወይዘሮ እመቤት ፈለጉ። «ማናለብሽ።»

«በደቡቤ ሰርክአዲስ ናት። በሰሜኗ ማን አለባት?»

«ማናለብሽ።»

«በሰሜኔ መንገድ ነው፤ መንገድ አይመሰክርም» አሉ እትዬ ማናለብሽ። «እንግዲህ ሦስት ሰው ድንበሬ ላይ ቆሞ አለች ይላል። መሃሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ የለሁም የተባልሁት።»

ወይዘሮ እመቤት መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ አሁን የሚያዩት ወረቀቱን አልነበረም።

«መሳፍንት፣ ትርፎቹን አርዕስቶች እንዴት ነው ያነሣሃቸው?»

«የየገጹን የመጀመሪያ መስመር ነው ያጠፋሁት።»

«ከስንት እስከ ስንት?»

«ከሁለት እስከ አሥራ ሦስት። የአንደኛው እንደ አርዕስት ይቅር ብዬ።»

«ስለዚህ አሥራ ሁለት መስመር።»

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ አንድ ነበሩ» አለ ድምፅ ከበሩ። ውብአየሁ ነው፤ ደጅ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። «ይቅርታ እመቤቴ፣ አልጠየቁኝም። ግን የጌታውን ርስቶች እኔው በጣቴ ቆጥሬአለሁ። አሥራ አንድ ነበሩ። አንዱን ከየት ነቅሎ እንዳጠፋው እሱ ይንገረን።»

አሥራ ሦስት ገጽ፣ አንዱ አርዕስት የለውም፣ አንዱ ቦታው ላይ ቀርቷል፤ ትርፉ አሥራ አንድ ነው። ይህን ለማስላት ስምንተኛ ክፍል ይበቃል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

«ምስሉን ክፈት» አሉ ወይዘሮ እመቤት።

«እመቤቴ፣ ጊዜ…»

«ካንተው ፍላሽ። ዘጠነኛውን ገጽ።»

ከፈተ። ገበየሁ ያሰመረው ወረቀት ስክሪኑን ሞላው፤ ጥግ ጥጉ ላይ የሙጫው ቢጫ ይታያል። አናቱ ላይ አርዕስት የለም። የመጀመሪያው መስመር ሰው ነው። መሳፍንት ጆሮው ቀላ። እኔም አሁን የምናገረው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ወይዘሮ እመቤት ጣታቸውን ሲያነሡብኝ ዋጥሁት።

መሳፍንት ማውሱን ይዞ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ሮጠ። «ቀላል ነው፤ ከሦስት መቶ አሥራ ሰባት ቀጥሎ ስማቸውን እጽፋለሁ። አንድ ደቂቃ።»

«አትጽፍም» አሉ ኃላፊዋ። «አንድ ሰው እንዲህ የጠፋበት ዝርዝር ሌላ ምን እንደጠፋበት በምን አውቃለሁ? ፕሮግራሙ መጀመሪያ ካወጣው እንደገና ጀምር። ጽሑፉ ከአርዕስቱ ጋር አንድ የሆነውን መስመር ብቻ ታጠፋለህ፤ ቦታውን አይተህ ሳይሆን አንብበህ። የመዝገቡን ቁጥር አምጥተህ ከስሙ አጠገብ አስቀምጥ፤ ኤክሴል አይቁጠርልህ። ከአንድ እስከ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሳይዘል ከሄደ በኋላ ደግሞ ከምስሉ ጋር መስመር በመስመር ይነበባል። አሥራ አምስቱ ቀንም እንደ አዲስ ይጀምራል።»

«ማን ያነብልኛል?» አለ መሳፍንት።

ወይዘሮ እመቤት አዩኝ። «ወሬ የማያልቅበት አለ አይደል?»

ቀኑን ሙሉ አነበብሁለት። እኔ ከምስሉ፣ እሱ ከዝርዝሩ። አንድ ስም ጨምሬ ልሞክረው ፈልጌ ነበር፤ እትዬ ማናለብሽ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው በትራቸውን እግሬ ላይ አስደግፈውት ስለነበር ተውሁት። በየገጹ አናት ላይ ስንደርስ መሳፍንት «አርዕስት» ይላል፣ እኔ «አርዕስት» እላለሁ፣ ያጠፋዋል። የመጀመሪያውን ትተን እስከ ስምንተኛው ገጽ እንዲህ ሄድን። ዘጠነኛው ላይ እኔ «ሁለት መቶ አንድ» አልኩ። እሱ ምንም አላጠፋም። ቁጥራቸውን ብቻ ጻፈ።

«ዲግሪህ ላይ ይህ አልነበረም?» አልኩት።

«የፍየሏን ታሪክ ባትጨምር ኖሮ እሰማህ ነበር» አለ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

መልስ አላጣሁም፤ ግን የበትሩ ጫፍ እግሬ ላይ ከበደ።

ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ላይ ስንደርስ የመዝገቡም የዝርዝሩም ቁጥር አንድ ላይ ቆመ። አተሙት። ወይዘሮ እመቤት የማረጋገጫውን ቅጽ አወጡ፤ ስሙን አይቶ ትክክል ነው ያለ ሰው የሚፈርምበት ነው። የአሻራ ቀለሙን ወደ እትዬ ማናለብሽ ገፋ አደረጉት።

«አንብቡልኝና ነው» አሉ።

እኔ ወረቀቱን አንሥቼ አነበብሁ። «ሁለት መቶ አንድ። ማናለብሽ። ዜሮ ነጥብ አምስት ሄክታር። በምሥራቅ ዓባይነህ፣ በምዕራብ ውቤ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ሰርክአዲስ።»

አውራ ጣታቸውን አልዘረጉም። በአውንጊ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ውብአየሁ ከበሩ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ለመሳፍንት ዘረጉለት።

«አንተ አንብብ» አሉት። «አንተ ብታጠፋኝም ውሸት አትጨምርም።»

መሳፍንት አነበበ። ቃል በቃል ያው ነው። እሳቸውም ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ስማቸው አጠገብ ተጫኑ፤ እስኪደርቅም እፍ አሉበት።